«አምንሻለሁ» ብሎ መጥፋት ሥራ መስጠት አይደለም

«ጥሩ ሠራተኛ ክትትል አያስፈልገውም። ክትትል የሚያስፈልገው ሠራተኛ ደግሞ እኔ ጋ አይከርምም።»

ይህን ያሉት ሰሞኑን በአንድ የሥራ መሪዎች መድረክ ላይ የተጋበዙ ሥራ አስኪያጅ ናቸው። አዳራሹ አጨበጨበ። ቪዲዮው አሁንም ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ነው፤ «እንዲህ ያለ አለቃ ይስጠን» የሚል አስተያየትም ከሥሩ ተደርድሯል። የጭብጨባው ምክንያት ይገባኛል። ኢሜይል ስትጽፍ ትከሻህ ላይ ቆሞ የሚያነብ አለቃ ያንገፈገፈው ሰው ብዙ ነው። ግን ከአንዱ ገደል ለማምለጥ ሌላው ገደል ውስጥ ዘልሎ መግባት ምን የሚሉት ብልሃት ነው?

እስቲ «ጥሩ ሠራተኛ» የምትለዋን እንያት። በምን ሥራ ላይ ጥሩ? ሰውዬው ሲናገሩ ጥሩነት እንደ ቁመት ነው የሚመስለው፤ ሰው በሄደበት ሁሉ ሳይጨምር ሳይቀንስ አብሮት የሚሄድ። እንዲህ አይደለም። ችሎታ የሚለካው በሰው ሳይሆን በሰውና በሥራው መካከል ነው። በአንድ ሥራ አንቱ የተባለ ሰው በሌላው ጀማሪ ነው። በዚያው ሳምንት፣ በዚያው ወንበር ላይ፣ በዚያው ደመወዝ። የኢንቴል ኃላፊ የነበረው አንዲ ግሮቭ ይህን ነገር ገና እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በግልጽ አስቀምጦታል፦ አለቃው ምን ያህል ይጠጋ የሚለው የሚወሰነው ሠራተኛው ለዚያ ለተወሰነ ሥራ ባለው ብስለት ነው፤ ሥራው ሲቀየር ብስለቱም ይወርዳል። አዲስ ግኝት አይደለም እንግዲህ። ግን ማይክ የያዘ ሰው ሁሉ ሰምቶታል ማለትም አይደለም።

የማውቀውን ጉዳይ ልንገራችሁ። ድርጅቱ ይቆየን። አንዲት ሲኒየር አካውንታንት አለች፤ ባንክ ታስታርቃለች፣ ወር ትዘጋለች፣ ከአቅራቢዎች ጋር ትጻጻፋለች፤ ሁሉንም ለዓመታት የሠራችው ነው። አንድ ቀን ሒሳቡ ከድሮው ሶፍትዌር ወደ አዲስ ሲስተም ይዛወር ተባለ። አለቃዋ ጠራትና «አንቺን አምንሻለሁ፤ ስትጨርሺ ንገሪኝ» አላት። አለቀ። ያ ነው ሥራ መስጠት የተባለው።

በነዚያው ሳምንታት ለአንድ አቅራቢ የጻፈችውን ደብዳቤ ሦስቴ መልሶባታል። አንዴ «በአክብሮት» የሚለው «በትሕትና» ይሁን ብሎ፣ አንዴ የአንቀጽ ቅደም ተከተል አልጣመውም ብሎ፣ በሦስተኛው ደግሞ «በትሕትና»ው ተመልሶ «በአክብሮት» ይሁን ብሎ። ሳቁ፤ ግን ብዙ መሥሪያ ቤት እንዲህ ነው። አለቃው ደብዳቤ መጻፍ ይችላል፤ ስለዚህ እጁ እዚያ ይበላዋል። የሲስተም ዝውውር አያውቅም፤ ስለዚህ ከዚያ ይሸሻል፣ ሽሽቱንም «እምነት» ብሎ ይጠራዋል። በእኔ እይታ የማይክሮማኔጅመንት ግማሹ ይኸው ነው። አለቃ የሚጠጋው ሠራተኛው የሚቸገርበት ቦታ ሳይሆን እሱ የሚመቸው ቦታ ነው።

ወደ ዝውውሩ እንመለስ። አካውንታንቷ የእያንዳንዱን ሒሳብ ቀሪ ከድሮው ሲስተም አወጣችና በአዲሱ ላይ መነሻ አድርጋ አስገባች። ከደንበኞች የሚሰበሰበውም በአንድ ድምር ገባ። እስከዚህ ትክክል ነው። ቀጥላ፣ ገንዘብ ሰብሳቢዎቹ ከማን ስንት እንደሚጠበቅ እንዲያዩ ያልተከፈሉትን ኢንቮይሶች ዝርዝር ጫነች። ይሄም ለብቻው ሲታይ ትክክል ነው። ያላወቀችው ነገር፣ ሲስተሙ እያንዳንዱን ኢንቮይስ ሲቀበል እንደ አዲስ ሽያጭ እንደሚቆጥረው ነው። በራሱ ጊዜ ተሰብሳቢው ላይ ይደምራል፣ በሌላው ወገን ገቢ ይመዘግባል። ያው ገንዘብ ሁለት ጊዜ ገባ። የድሮ ሽያጭም የዚህ ወር ገቢ ሆኖ ብቅ አለ።

አለቃው የመጀመሪያውን ወር ሪፖርት ሲያይ ደስ አለው! ገቢ ጨምሯላ። ነገሩ የተጋለጠው አንድ ሰብሳቢ የደንበኞቹን ዝርዝር ደምሮ፣ ዋናው መዝገብ ላይ ካለው ተሰብሳቢ ጋር አልገጥም ሲለው ነው። እስከዚያ ድረስ የአንድ ወር አዲስ ሥራ ከላይ ተደርቧል፤ አጥፍቶ እንደገና መጫን አልተቻለም። አንድ በአንድ እየለዩ ማረም ሆነ። ስህተቱ አዲሱ ሲስተም ሥራ ከመጀመሩ በፊት ባለው ቀን ቢገኝ ኖሮ ደምስሶ በትክክል መጫን ብቻ ነበር።

አሁን «ጥሩ ሠራተኛ» ናት ወይስ አይደለችም? በሰውዬው መለኪያ ክትትል አስፈልጓት ነበርና ጥሩ አይደለችም፤ ትባረር። በደንብ ላያት ሰው ግን በዘጠኝ ሥራ ጎበዝ፣ በአሥረኛው አዲስ የሆነች ሰው ናት። አሥረኛው ላይ ብቻዋን ተጣለች፣ ከዘጠኙ አንዱ ላይ ደግሞ «በትሕትና» ተባለች።

ምን መደረግ ነበረበት? የግማሽ ሰዓት ወሬ። ሥራውን ቁርጥራጭ አድርጎ ማየት። የሒሳብ መደቦቹን ማጽዳት፦ ለዓመታት የሠራችው ነው፣ አይነካ። ቀሪ ሒሳቦቹን ማውጣት፦ ይሄም የሷ ነው፣ አይነካ። ወደ አዲሱ ሲስተም መጫን፦ ሠርታው አታውቅም፣ ስህተቱ ወዲያው አይታይም፣ ሥራ ከተጀመረ በኋላም ለመመለስ ይከብዳል። እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ የተገናኙበት ቦታ ላይ ነው አለቃ መቆም ያለበት። ሌላው ቦታ ላይ መቆም ትርፍ ነው።

ቀጥሎ አፍ አውጥቶ መጠየቅ ነው። «ገብቶሻል?» ብሎ አይደለም፤ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው። «መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ? ከዚያስ? የቱ ጋ ነው የሚያሳስብሽ?» ነው የሚባለው። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል ይነግርሃል፣ የሚያስቸግረውንም ቦታ በስሙ ይጠራል። የማያውቅ ሰው «ዝም ብዬ እጭነዋለሁ» ይልሃል። ያቺ «ዝም ብዬ» ናት የክትትሉን መጠን የምትነግርህ፤ የሥራ ልምድ ማስረጃው አይደለም።

ከዚያ ሁለት ፍተሻ ይበቃ ነበር። አንደኛው፣ ሁሉም ከመጫኑ በፊት በመለማመጃ ቅጂ ላይ የጥቂት ደንበኞችን ብቻ ጭኖ ድምሩን ማየት። ሁለተኛው፣ አዲሱ ሲስተም ሥራ ከመጀመሩ በፊት የድሮውንና የአዲሱን ትሪያል ባላንስ፣ ማለትም የሁሉንም ሒሳቦች ቀሪ ዝርዝር፣ በአንድ ቀን አውጥቶ ጎን ለጎን ማስቀመጥ። «እኔ ሶፍትዌሩን አላውቀውም» የሚል አለቃ እዚህ ጋ ሰበብ የለውም። ሁለት ቁጥር እኩል መሆኑን ለማየት ሶፍትዌር ማወቅ አይጠይቅም። ቢፈልግ ደግሞ ይህን ሥራ ከዚህ በፊት የሠራ ሰው ፈልጎ ለአንድ ሰዓት ያገናኛት፤ አለቃ እርዳታ አመጣ እንጂ ሥራዋን ቀማ አይባልም።

«ታዲያ ይሄ ራሱ ማይክሮማኔጅመንት አይደለም ወይ?» የሚል ይመጣል፤ ከቪዲዮው ሥር ብዙ እንዲህ የሚል አይቻለሁ። አይደለም፤ ልዩነቱም ቀጭን አይደለም። ፍተሻው የት እንደሆነ ሥራው ሳይጀመር ተነጋግራችኋል፤ ድንገት አትመጣም። የምታየው የወጣውን ውጤት ነው፤ በምን መንገድ እንደወጣ የሷ ነው። በሁለቱ ፍተሻዎች መካከል ዝም ትላለህ። ዝም ማለት ማለት ግን ዝም ማለት ነው፤ «እንዴት እየሄደ ነው?» የምትለዋን የቀን አምስት ጊዜ መልእክት መተውንም ይጨምራል። ችግር ይዛ ስትመጣም ወንበሩን ስበህ «ተይው እኔ ልሥራው» አትልም። «አንቺ ምን አሰብሽ?» ትላለህ፣ ታርማለህ፣ ሥራው ከሷ ጋር ተመልሶ ይሄዳል። በየጥያቄው ሥራውን የሚቀበል አለቃ ማታ ላይ የሁሉም ሰው ሥራ እሱ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ከዚያ «ሰው የለኝም» ብሎ ያማርራል።

የሥራ አስኪያጁ ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር ደግሞ ከመጀመሪያውም የባሰ ነው። «እኔ ጋ አይከርምም» አሉ። ይህን የሰማ የሳቸው ሠራተኛ ነገ አንድ ነገር ቢጨልምበት ቢሯቸውን ያንኳኳል? እንጀራው ነዋ! ይደብቃል። ያድበሰብሳል። ቁጥሩ ካልገጠመ እስኪገጥም ይነካካል። እሳቸውም ጥያቄ ስለማይመጣላቸው ሁሉም ጥሩ ሠራተኛ ነው ብለው ያድራሉ። ይህን ለማረጋገጥ ጥናት አላስፈለገኝም፤ ተቀጥሮ የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

አንድ ነገር እሰጣቸዋለሁ። ሰው ከሚችለው ትንሽ ከፍ ያለ ሥራ ሊሰጠው ይገባል፤ ሁልጊዜ የሚችለውን ብቻ የሚሠራ ይደነዝዛል። ግን «ትንሽ ከፍ ያለ» ማለት አንድ ነገር አዲስ የሆነበት ማለት ነው። ሲስተሙ አዲስ ከሆነ ቀነ ገደቡ ሰፋ ይበል፣ አብረዋት የሚሠሩት የምታውቃቸው ይሁኑ። ሲስተሙም ቡድኑም አዲስ፣ ቀኑም የተጣበበ ከሆነ፣ ሥራው ሲበላሽ የቱ እንዳበላሸው አንተም እሷም አታውቁም። ሁለታችሁም ምንም አትማሩም፣ ስም ብቻ ይጠፋል።

ብዙ አለቃ የሚረሳው ደግሞ ፍተሻ ማንሳትን ነው። አካውንታንቷ ቀጣዩን ቅርንጫፍ ብታዛውርና ሁለቱም ፍተሻ ላይ ንጹሕ ሆኖ ቢገኝ፣ የመለማመጃው ፍተሻ ይቅር። ከዚያም ሲቀጥል የትሪያል ባላንሱን ራሷ አስተያይታ ውጤቱን ብቻ ትላክ። መነሳቱንም በቃል ይንገራት፦ «ከእንግዲህ ይሄን አላይም፣ ያንቺ ነው»። ሳይነገራት ዝም ብሎ ከቀረ ግን እሷ ምን ታውቃለች? ይመጣል ብላ ትጠብቃለች፣ ሳይፈቀድልኝ ብላ ትቆማለች፣ አንድ ቀን የሚያልቀው ሥራ ሳምንት ይወስዳል። እግረ መንገዱንም ያንን የደብዳቤ ነገር ያንሳላት። እሱን ገና ድሮ ማንሳት ነበረበት።