አቮካዶን በፎቶ የሚያዩ ሊቃውንት ይክበሩልን

ሀገር በሊቃውንቷ ትኮራለች። የእኛ ዘመን ሊቃውንት ገበያ አይወርዱም፤ ዘንቢል አያነሱም፤ ልጣጭ አይነኩም። ፎቶ ይላክላቸዋል። በሁለት ጣት ያሰፉታል፣ ዓይናቸውን ጠበብ ያደርጉና ይፈርዳሉ። «በስሏል።» «ገና ጥሬ ነው።» «አልፎበታል፣ ጣይው።» ይግባኝ የለም። ችሎቱ የቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ነው። የሚቀርበው ማስረጃም አንድ ብቻ ነው፤ የልጣጩ ቀለም።

ሕጉ አጭር ነው። አረንጓዴ ከሆነ ጥሬ፣ ከጠቆረ የበሰለ፣ ቡኒ ቡኒ ካለ ያለፈበት። አለቀ። ግብርና ኮሌጅ ገብተው ዓመታት የሚፈጁ ልጆች ያሳዝኑኛል። ግሩፑ ውስጥ ቢገቡ በአንድ ምሽት ይመረቁ ነበር።

ሰሞኑን የታየውን አንድ ጉዳይ ላቅርብ። እህቴ አዲስ አበባ ከጉልት ስድስት አቮካዶ ገዛች። ሁለቱ ልጣጫቸው ሻካራ ነው፤ ጠቁረዋል። ሦስቱ ለስላሳ ልጣጭ ያላቸው፣ አንገታቸው ረዘም ያለ፣ አረንጓዴ ናቸው። አንዱ ከጓሮ ዛፍ የተለቀመ፣ ዝርያው የማይታወቅ፣ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ነው። ማታ እንግዳ አለባት። ነጭ ትሪ ላይ ደረደረቻቸው፤ በወጥ ቤቷ ቢጫ አምፖል ስር ፎቶ አነሳችና ለቀቀችው። «ለዛሬ ይደርሳሉ?»

ከሜሪላንድ ጋሼ ቀደሙ። ጋሼ አቮካዶ የሚያውቁት ከሱፐርማርኬት መደርደሪያ ነው። «ጥቁሮቹን ዛሬ ብሉ። አረንጓዴዎቹ ገና ሳምንት ይፈልጋሉ። ያ ሐምራዊው ግን ተበላሽቷል፣ ልጆቹ እንዳይነኩት» አሉ።

ከእስራኤል አክስታችን ተነሱ። እሳቸው ባሉበት አገር በመኸር ገበያ የሚወጣው ኤቲንገር የሚባል አረንጓዴ አቮካዶ ነው። «አረንጓዴው አይደል እንዴ የሚበላው? ጥቁሮቹ አልፎባቸዋል እንጂ! ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ?» አሉ።

ዱባይ ያለው የአክስቴ ልጅ ቴክኖሎጂ ይወዳል። ፎቶውን ብራይትነስ ጨምሮበት መልሶ ላከው። አረንጓዴዎቹ የሎሚ ቀለም ይዘው ነበር። «አሁን አያችሁ? ጥሬ ናቸው» አለ። ማስረጃ ሲጎድል እንዲህ በገዛ እጁ የሚያሟላ ዳኛ ከየት ይገኛል?

ጋሼ እንዲሁ ከመሬት ተነስተው አልፈረዱም፤ ይህን ማመን አለብኝ። አሜሪካ መደርደሪያውን የሞላው ሃስ የተባለው ዝርያ ነው። ሩዶልፍ ሃስ ካሊፎርኒያ የሚኖር ፖስተኛ ነበር። ጓሮው ባበቀለው ዛፍ ላይ እ.ኤ.አ. በ1935 የባለቤትነት መብት አስመዘገበ። ከሩቅ መፈረድ የተጀመረው በፖስተኛ አቮካዶ መሆኑ መቼም የአጋጣሚ ነገር አይመስልም። ሃስ ዛፉ ላይ እያለ አይለሰልስም። ከተቀጠፈ በኋላ ነው የሚበስለው። ያኔ ልጣጩ ውስጥ ያለው አረንጓዴው ክሎሮፊል ይቀንሳል። አንቶሲያኒን የሚባለው ሐምራዊ ቀለም ደግሞ ይጨምራል። ስለዚህ ሃስ ብዙውን ጊዜ ሲበስል ይጠቁራል። ሜሪላንድ ላይ የጋሼ ሕግ ይሠራል።

ችግሩ፣ ሕጉ ቪዛ ሳይጠይቅ አዲስ አበባ መግባቱ ነው። እዚህ ገበያ ላይ ሃስ ብቻ የለም። ፉዌርቴ አለ፣ ኤቲንገር አለ። ሲዳማና ወላይታ፣ ጅማም ጓሮ ውስጥ ከዘር የበቀለ፣ ስም የሌለው ሞልቷል። ፉዌርቴና ኤቲንገር እስከ መጨረሻው አረንጓዴ ናቸው። ጥሬ ሲሆኑ አረንጓዴ፤ በማንኪያ ሲዛቁ አረንጓዴ፤ ሲበላሹም ያው አረንጓዴ ላይ ቡኒ ጠቃጠቆ ጣል ያደርጋሉ። እንዲጠቁሩ የሚጠብቅ ሰው ቀብራቸው ላይ ይደርሳል። የጓሮዎቹ ደግሞ ወላጆቻቸውን እንኳ ላይመስሉ ይችላሉ፤ አንዳንዱ ከመጀመሪያው ሐምራዊ ሆኖ ይወለዳል።

ሃስ ራሱም ቢሆን ሁልጊዜ አይታዘዝም። ዛፍ ላይ ብዙ ከቆየ እዚያው ሳለ መጥቆር ይጀምራል። ልጣጩ ጠቁሮ ሥጋው ድንጋይ ነው። ወቅቱ ሳይገባ ቀድሞ የተቀጠፈው ደግሞ ለስልሶም ገና አረንጓዴ ሊሆን ይችላል። ሳይደርስ ከተቀጠፈ ደግሞ ጭራሽ በደንብ አይበስልም፤ ይጨማደዳል፣ እንደ ጎማ ይለጠጣል፣ ጣዕሙም ውሃ ውሃ ይላል። ለዚህ ነው ካሊፎርኒያ ገበሬዎች ከመቅጠፋቸው በፊት ሥጋውን አድርቀው የሚመዝኑት። ለሃስ ከ100 ግራም ሥጋ ደርቆ የሚቀረው ቢያንስ 20.8 ግራም መሆን አለበት። ሚዛን፣ ማድረቂያ፣ ስሌት! ሁለት ጣት አስፍተው ማየት ሲችሉ።

ካሜራውንም እናመስግን። ሊቃውንቱ ፍርድ የሚሰጡት ስልኩ በላካቸው ላይ ነው። ስልክ ደግሞ የአቮካዶን ቀለም አያውቅም፤ ይገምታል። ቢጫ አምፖል ስር ሲነሳ መብራቱ ነጭ እንዲመስል ቀለሙን በራሱ ይቀይራል። አንዳንዴ ያበዛዋል፣ አንዳንዴ ያሳንሰዋል። ብርሃኑንም ራሱ ይመጥናል። ዙሪያው ነጭ ትሪ ሲሆን ስልኩ «ይሄ በጣም ደምቋል» ብሎ ፎቶውን ያጨልማል። ያው አቮካዶ ጥቁር ጠረጴዛ ላይ ቢነሳ ኖሮ ፈካ ይል ነበር። እህቴ ነጭ ትሪ በመምረጧ ብቻ አቮካዶዎቹን በፎቶ ሁለት ቀን አስቀድማ አበሰለቻቸው ማለት ነው። ማዳበሪያም፣ ሙዝም፣ ወረቀት ከረጢትም አያስፈልግም።

ካሜራው በጣም የሚረዳው ግን ያለፈበትን ሲደብቅ ነው። አንትራክኖስ የሚባለው ፈንገስ ልጣጩ ላይ ጥቁር፣ ጎድጎድ ያለ ነጥብ ያወጣል። አረንጓዴው ላይ ከሩቅ ይታያል። የጠቆረ ሃስ ላይ፣ በዚያ ላይ ልጣጩ ሻካራ ሆኖ፣ አምፖሉም ቢጫ ሆኖ፣ ቴሌግራምም ፎቶውን አሳንሶት፣ ማን ያየዋል? ጥቁር ላይ ያለ ጥቁር ነጥብ ነው። ሊቁ «በስሏል» ብሎ ያልፈዋል። ደግነት ይባላል ይሄ።

ወደ ጉዳያችን እንመለስ። እህቴ ታላቅ አክባሪ ናት፤ የጋሼ ፍርድ ተፈጻሚ ሆነ። ማታ ሁለቱ ጥቁሮች ተቆረጡ። አንዱ ሸጋ ነበር። ሌላው ቢላ አላስገባ አለ፤ ዘሩም ከሥጋው አልላቀቅ አለ። ዛፍ ላይ የጠቆረ ይሆናል። ለስድስት እንግዳ አንድ አቮካዶ ስለማይበቃ ስፕሪሱ በማንጎና በፓፓያ ብቻ ተሠራ። ሐምራዊውን «ተበላሽቷል» ስለተባለ ለግቢው ዘበኛ ሰጠችው። ጋሽ ዘበኛ ጨውና ሎሚ አድርገውበት በዳቦ በሉት። «እግዜር ይስጥሽ ልጄ፣ እንዲህ ያለ ካገኘሽ አትርሺኝ» አሏት።

ሦስቱ አረንጓዴዎች መደርደሪያ ላይ ጥቁር እስኪሆኑ ተቀመጡ። አልሆኑም። ሳምንቱ ሞልቶ ሲቆረጡ ውስጣቸው ግራጫ ነበር፤ ቡኒ ክር ክር ዘርግቶበታል፤ ሽታውም ደህና አልነበረም። ከሦስቱ ሁለቱ የእንግዶቹ ማታ ለስልሰው የነበሩ ይመስለኛል። ልጣጫቸው ግን እስከ ቆሻሻ ቅርጫት ድረስ አረንጓዴ ነው። ይህ በግሩፑ ላይ ሲነገር ጋሼ አልተደናገጡም። «ያልኩሽን ሳምንት አሳልፈሽው ነው» አሉ።

እህቴ ያላደረገችው ነገር ተራ ነገር ነው። ቴክኖሎጂ የለበትም፣ ስለዚህ ማንም አያከብረውም። አንዱን አቮካዶ መዳፏ ላይ አስቀምጣ፣ እጇን በሙሉ ቀስ አድርጋ መጨበጥ ነበረባት። ከቅርንጫፉ ጋር ተያይዞ የነበረው ጫፍ አካባቢ ጥቂት እሺ ካለ ለዛሬ ወይም ለነገ ነው። ጭራሽ ካልሰጠ ጥቂት ቀን ይቆይ። ሰርጎ ገብቶ ካልተመለሰ፣ ወይም ልጣጩ ከሥጋው ተላቆ ከተንሸራተተ አልፎበታል። ይህ ለአረንጓዴውም ለጥቁሩም ይሠራል። ግን ምን ያደርጋል፣ ጭበጣ አይላክም። ስሜት አይፎርዋርድም።

አንድ ነገር ላይ ግን ሽሙጤን ትቼ ባርኔጣዬን አነሳለሁ። ገበያ የሚወርደው ባለሙያ በአውራ ጣቱ ነው የሚፈትሸው። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ! አንዱን ገዝቶ አሥሩን ቆስቁሶ ይሄዳል። የተጫነው ቦታ ከላይ ምንም አይመስልም፤ ውስጡ ግን ይጠቁራል። የጉልት እናቶች «አንተ ልጅ፣ ልትገዛ ነው ወይስ ልታሽ?» የሚሉት ወደው አይደለም። የፎቶ ሊቅ ይህን ጉዳት አያደርስም። ሲሳሳትም ንጹህ እጁን ይዞ ነው።

ችሎቱ አሁን ሥልጣኑን እያሰፋ ነው። ባለፈው እሑድ እህቴ ሐብሐብ ገዝታ ስትመጣ፣ ጋሼ ፎቶ አልጠየቁም። ከቀለም አልፈዋል። በጣቷ መትታ የድምፅ መልእክት እንድትልክ አዘዙ። ላከች። ሁለቴ ሰሙት። አክስታችን «ደርሷል» አሉ፤ የዱባዩ ልጅ ድምፁን በኢኮላይዘር አጣራው።

ጋሼ ግን ጥንቁቅ ናቸው። «እንደገና ምቺው» አሉ፣ «የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀንሰሽ።»