ስሙን ኮሚቴ ያወጣለት ሥራ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የሥራ መደብን ስም ግን ኮሚቴ ነው የሚያወጣው። መልአኩ ቢያንስ ስብሰባ አይጠራም።

እኔ በዚያ ኮሚቴ ውስጥ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርኩ። ስለዚህ እጄ የለበትም ማለት አልችልም፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጉዳዩ ቀላል ነበር። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ስቶር ኪፐራችን ጡረታ ሊወጡ ሁለት ወር ቀርቷቸዋል። የመለዋወጫ መጋዘኑን የሚረከባቸው ሰው ያስፈልገናል። ዕቃ ሲገባ ቆጥሮ የሚቀበል፣ ቢን ካርድ ላይ የሚመዘግብ፣ ፊርማ ያለው ወረቀት ሲመጣለት የሚያወጣ፣ የቆጠራ ሰሞን መደርደሪያውንና መዝገቡን የሚያስታርቅ። በቃ፣ ይኸው ነው።

«ስቶር ኪፐር ብለን እናውጣው» አልኩ። ነውር የተናገርኩ ይመስል ሁሉም ዞሮ አየኝ።

የሰው ሀብት ኃላፊዋ ቀደመች። ባለፈው ዓመት መዋቅር ሲሻሻል መጋዘን የሚባል ነገር እንደቀረ አስታወሰችን። አሁን «የሀብት ፍሰት ዘርፍ» ነው የሚባለው። ዕቃው ያው ነው፣ መደርደሪያው ያው ነው፣ አይጦቹም አልተዛወሩም። የፈሰሰው ስሙ ብቻ ነው። ሥራ አስኪያጁ «ትንሽ ክብደት ይኑረው እንጂ» አሉና «ስትራቴጂክ» የምትለዋን ቃል አስገቡ። ይቺን ቃል ይወዷታል፤ የመጥረጊያ ግዢ ላይም ተሰክታ አይቻታለሁ። የፋይናንሱ ሰው የደመወዝ ደረጃው ኮድ ካልተጻፈ አልፈርምም አለ። አንዱ ደግሞ «ከፍተኛ» ይጨመርበት አለ። ለምን ሲባል፣ «ደመወዙ ዝቅተኛ ስለሆነ ማካካሻ ይሆነዋል።» ከሁላችንም እውነት የተናገረው እሱ ነበር።

ከአንድ ሰዓት ተኩል ምጥ በኋላ የተወለደው ይኸው፦

«አስቸኳይ!!! ከፍተኛ ስትራቴጂክ የሀብት ፍሰትና የግብዓት ተደራሽነት አስተባባሪ (ሀፍዘ-07/ለ)»

አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤያለሁ።

ሁለት ሳምንት ጠበቅን። ዘጠኝ ሰው አመለከተ። ዘጠኙም የተማሩ፣ የለበሱ፣ ሲቪያቸው አራት ገጽ የሆነ ሰዎች ናቸው። አንዳቸውም ቢን ካርድ ምን እንደሆነ አያውቁም። ለቃለ መጠይቅ የጠራነው የመጀመሪያው ሰው ገና ከመቀመጡ «በሥሬ ስንት ሰው አለ?» አለ። ኮሚቴው ተያየ። «አንድ መሰላል አለ» አልኩት። ሰውየው ሳቀ፣ ቀልድ መስሎት። መጋዘኑን ስናሳየው ሳቁን አቆመ። ሁለተኛዋ የአምስት ዓመት ዕቅድ አዘጋጅታ ነው የመጣችው። ዕቅዱ ጥሩ ነበር። የመኪና ፍሬን ሸራ በየትኛው መደርደሪያ እንደሚቀመጥ ግን አይናገርም።

በዚያው ሰሞን ጋሼን መጋዘኑ በር ላይ አገኘኋቸውና ማስታወቂያውን በስልኬ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አወጡ። ቀስ ብለው አነበቡት። ደግመው አነበቡት።

«ጥሩ ሥራ ነው» አሉኝ። «ለእኔ ቢጤ ግን አይሆንም፤ ከፍ ያለ ነው። ማስተርስ ሳይጠይቅ አይቀርም።»

«ጋሼ፣ የእርስዎ እኮ ነው።»

«ምኑ?»

«ሥራው። የእርስዎን ቦታ የሚተካ ነው የምንፈልገው።»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠሩትን ሥራ ራሳቸው አላወቁትም። ቢያውቁት ኖሮም ባላመለከቱ ነበር። እኔ ስም ማጋነን ሰው የሚስብ ይመስለኝ ነበር። ለካ ትክክለኛውን ሰው ነው የሚያባርረው። ሥራውን የሚችል ሰው ስሙን አይቶ «ይህ የሌሎች ነው» ብሎ ያልፋል። ሥራውን የማይፈልገው ደግሞ ስሙን አይቶ ይመጣል፤ መሰላሉን አይቶ ይሄዳል።

ከዚያ ስልኩን ሰጠኋቸውና «ሥራ የሚፈልጉ ቢሆን ምን ብለው ይጽፋሉ?» አልኳቸው። አላሰቡም። «ስቶር ኪፐር» ብለው ተየቡ። ብዙ ማስታወቂያ ተዘረገፈ፤ የእኛ የለም። «መጋዘን» አሉ። አሁንም የለም። «ንብረት ክፍል» አሉ። የለም። የእኛ ማስታወቂያ የተገኘው ርዕሱን እንዳለ ስጽፈው ብቻ ነው። ርዕሱን እንዳለ ሊጽፈው የሚችለው ደግሞ ኮሚቴው ነው። ኮሚቴው ሥራ አለው።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ሥራ ፈላጊ ማስታወቂያ እያገላበጠ አያነብም፤ ቃል ይተይባል። የሥራ ገጾቹም ቃሉን ይዘው ሲሄዱ በዋናነት የሚያስተያዩት ከርዕሱ ጋር ነው። ብዙ ሰው ደግሞ ቃሉን አንዴ መዝግቦ «እንዲህ ያለ ሲወጣ አሳውቁኝ» ብሎ ይቀመጣል። «ስቶር ኪፐር» ብሎ የተመዘገበ ሰው ስልኩ ለእኛ ማስታወቂያ ድምፅ አያሰማም። ገጾቹ አንዳንድ ተመሳሳይ ቃላት ያውቃሉ፤ ሹፌርን ከአሽከርካሪ ጋር የሚያዛምዱ አይጠፉም። «የሀብት ፍሰት»ን ከመጋዘን ጋር የሚያዛምድ ግን ከእኛ ግቢ ውጭ የለም። ግቢው ውስጥም ገና እየለመድነው ነው።

ሌላም ጉድ ነበር። ስልክ ላይ ረጅም ርዕስ ይቆረጣል። የእኛው የሚታየው «አስቸኳይ!!! ከፍተኛ ስትራቴጂክ የሀብ…» ድረስ ነው። ሰውዬው ወይ ባንክ ነው ወይ የጦር ዕቅድ ነው ብሎ ያልፋል።

የኮምፒውተር ክፍላችን ልጅ ደግሞ ሌላ ቁስል ነካብኝ። የራሳችን ድረ ገጽ ላይ ሥራ ሲለጠፍ ጉግል እንዲያነበው ከጀርባ እንዲህ ያለ ነገር ይጻፋል፦

```
"@type": "JobPosting",
"title": "ስቶር ኪፐር"
```

ጉግል ለድረ ገጽ ሠሪዎች ባወጣው መመሪያ፣ እዚህ መስመር ላይ የሚገባው የሥራው ስም ብቻ ነው ይላል። የሥራ ኮድ፣ አድራሻ፣ ቀን፣ ደመወዝ፣ የድርጅት ስም አይግባ። ለእነሱ ሌላ ቦታ አላቸው። የቃለ አጋኖና የኮከብ ምልክት መደርደርም እንደ ማጭበርበር ሊቆጠር ይችላል። እኛ ሦስት ቃለ አጋኖ ነበረን። ሥራ አስኪያጁ አራት ነበር የፈለጉት፤ አንዷን ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ለዚህ ውለታ እስካሁን ያመሰገነኝ የለም።

ኮሚቴው እንደገና ተሰበሰበ። ጋሼ የተየቧቸውን ሦስት ቃላት ይዤ ገባሁ። ከመግባቴ በፊት ሌሎች መጋዘኖች ውስጥ የሚሠሩ አምስት ሰዎችንም ያንኑ ጥያቄ ጠይቄ ነበር። አራቱ «ስቶር ኪፐር» ጻፉ፣ አንዱ «የመጋዘን ሰራተኛ» አለ። «ስትራቴጂክ» የጻፈ አልተገኘም።

ክርክሩ ግን አልቀረም። የሰው ሀብት ኃላፊዋ «መዋቅሩ ላይ ስቶር ኪፐር የሚባል መደብ የለም፤ ኦዲተር ይጠይቀናል» አለች። እውነቷን ነው። መልሱ ግን ቀላል ነበር፤ ሁለት ስም ይኑረው። አንዱ ለመዝገቡ፣ አንዱ ለሰው። ውሉና የደመወዝ መዝገቡ ላይ ያው ረጅሙ ይቀመጥ፣ ማስታወቂያው ላይ ሰው የሚጠራው ይውጣ። የቤትና የትምህርት ቤት ስም ያለው ልጅ ስንት ነው! ይህን ስላት ፊቷ በራ።

ሥራ አስኪያጁ ከአንድ ጽንፍ ወደ ሌላው ዘለሉ። «እንዲያ ከሆነ ሁሉንም እንጻፈው፤ ስቶር ኪፐር፣ ሾፌር፣ ግዢ ሠራተኛ፣ ካሸር፤ ሁሉም ይመጣል!» ሁሉም ይመጣል፤ ችግሩም እሱ ነው። ሾፌሩ መኪና ይጠብቃል፣ ስቶር ኪፐሩ መንጃ ፈቃድ የተጠየቀ መስሎት ይቀራል። ለአንድ ሥራ ሁለት ስም ሌላ፣ ለአንድ ማስታወቂያ አራት ሥራ ሌላ ነው። «ከፍተኛ»ንም አወጣናት። ቃሏ ራሷ ምንም አላጠፋችም። በእርግጥ የዓመታት ልምድ የሚጠይቅ ሥራ ቢሆን ትቆይ ነበር፤ ልምድ ያለው ሰው «ሲኒየር» ብሎ ይፈልጋልና። እኛ ጋ የገባችው በደመወዝ ምትክ ነው።

መጨረሻ ላይ የተረፈችው ይቺ ናት፦ «ስቶር ኪፐር (የመጋዘን ሠራተኛ) - የመኪና መለዋወጫ»።

አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። ርዕሱ ላይ «ሠራተኛ»ን በንጉሡ ሠ ነው የጻፍነው፤ የፋይናንሱ ሰው በዚህ አይደራደርም። ከአምስቱ አንዱ ግን የጻፈው በእሳቱ ሰ ነበር። ፊደል በፊደል ለሚያስተያይ መፈለጊያ እነዚህ ሁለት የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው። ስለዚህ ማስታወቂያው ሆድ ውስጥ፣ የሥራው ዝርዝር ላይ፣ በእሳቱ ሰ አንድ ቦታ አስገባሁት። የፋይናንሱ ሰው አይቶ «ስህተት አለ» ብሎ ቀይ አሰመረበት። «ሆን ተብሎ ነው» አልኩ። እስካሁን አላመነኝም።

የለጠፍንበት ገጽ ማስታወቂያው ስንት ጊዜ ለፈላጊ እንደታየ፣ ስንት ሰው እንደከፈተው፣ ስንቱ እንዳመለከተ ያሳያል። የመጀመሪያው በሁለት ሳምንት የታየው 63 ጊዜ ነው። እሱም «አስተባባሪ» ብለው ሲፈልጉ በአጋጣሚ ነው። ይህን ሳላይ በፊት ሰው አይቶን የናቀን መስሎኝ ነበር፤ ለካ ያየንም የለም። አዲሱ በአንድ ሳምንት 1,400 ጊዜ ታየ፣ 210 ሰው ከፈተው፣ 38 አመለከተ። ብዙዎቹ ቢን ካርድ ያውቃሉ። አንዱ እንዲያውም ያረጀ ቢን ካርድ ፎቶ አንስቶ ላከ፣ ለማስረጃ።

ታይቶ የማይከፈት ቢሆን ኖሮ ርዕሱን መልሼ አይ ነበር። ተከፍቶ ማንም የማያመለክትበት ቢሆን ውስጡን። ከ38ቱ 12ቱ ደመወዙን ሲሰሙ አመስግነው ሄዱ። በዚህ ርዕሱን አልወቅሰውም። ሥራው ራሱን ችሎ ተጠርቷል፤ ደመወዙን የሚጠራ ኮሚቴ ሌላ ነው፣ እሱ ውስጥ የለሁበትም።

አንድ ጎበዝ ልጅ ተቀጠረ። ጋሼ ቁልፉን፣ መዝገቡንና መሰላሉን በፊርማ አስረከቡት። በሩ ላይ ያለው ሰሌዳ ግን እንደነበረ «የሀብት ፍሰት ዘርፍ» ይላል። ዕቃ የሚያመጡ ሾፌሮች በሩ ላይ ቆመው «ስቶሩ የት ነው?» እያሉ ሲያስቸግሩት በሦስተኛው ቀን ከካርቶን ቆርጦ፣ በእስክሪፕቶ ጽፎ፣ ከሰሌዳው ሥር ለጠፈ፦ «ስቶር»።

ኮሚቴው ጉዳዩን በአጀንዳ ይዞታል።