እርማት፦ «እባክህ» አንቱታን አይተካም

«አዲስ አበባ ስትሄድ 'እባክህ'ን ብቻ ያዝ። እሷን ካስቀደምክ ማንንም ብትጠይቅ ጨዋ ነህ።»

የለም፣ አክብሮቱ ያለው ግሱ ላይ ነው። ነጠላ የለበሱ እናት አግኝተህ «እባክሽ፣ ፒያሳ በየት እንደሆነ ንገሪኝ» ካልክ አንቺ ብለሃቸዋል። «እባክሽ» አያድንህም። «ይቅርታ እማማ፣ ፒያሳ በየት በኩል ነው?» በላቸው። አንተም አንቺም የሚል ግስ ስለሌለው አያሳስትህም። ግስ የግድ ከሆነ «ያሳዩኝ» ነው።

ምግብ ቤት ደግሞ እኩያህን አስተናጋጅ አንቱ ማለት ይበዛል። «የኔ እህት፣ አንድ ሽሮ ታመጪልኛለሽ?» ይበቃል።

ሚኒባስ ታክሲ ውስጥማ «እባክህ» ጭራሽ አያስፈልግም። ጮክ ብለህ «ወራጅ አለ!» በል፤ ረዳቱ አይቀየምም። እኔ በለሆሳስ «ይቅርታ፣ ላስቸግርህ» ስል መውረጃዬ አልፏል።