አርብ ተለጥፎ ሰኞ የሚጀመር ፈረቃ

ጥያቄው፦ «ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ የሰው ኃይል ክፍል ነው የምሠራው። እስካሁን ሁለት ፈረቃ ነበረን፤ ከጠዋቱ 12 እስከ 8 እና ከ8 እስከ ምሽቱ 4። አሁን ሥራ አስኪያጁ የሌሊት ፈረቃ ይጨመር ብሏል። ወስነን እናሳውቅ ወይስ መጀመሪያ ሠራተኛውን እናማክር?»

የምርት ኃላፊው፦

እኔ ወስኖ ማሳወቅ ነው የምለው። ሥራን ማደራጀት የአሠሪው ሥልጣን ነው። ዕቃው በቀኑ ካልተጫነ ከገዢው ጋር የሚፋጠጠው ድርጅቱ እንጂ ሠራተኛው አይደለም።

አንዴ አማክረን አይቼዋለሁ። ሦስት ስብሰባ ጠርተን «የትኛው ፈረቃ ይሻላችኋል?» አልን። ሁሉም ጠዋት አለ። ሌሊት ያሉት ሁለት ልጆች ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም ቀን ቀን ባጃጅ ይነዳሉ። በመጨረሻ ያው እኛው መደብናቸው። ትርፉ «ጠይቃችሁን አልሰማችሁንም» የሚል ቂም ሆነ። ወሬው አንድ ወር ሙሉ መስመሩን ሲያምስ ከረመና ጎበዝ ጎበዞቹ ኦፕሬተሮች ሌላ ፋብሪካ ገቡ። ደግሞ ሌሊት ለሚሠራ ሕጉ 1.75 እጥፍ ያስከፍላል። ምን ያማርራል?

የሰው ኃይል ባለሙያዋ፦

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ይቺን 1.75 እናስተካክላት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 በዚህ ልክ የሚታሰበው ከምሽቱ 4 እስከ ጠዋቱ 12 የተሠራ ትርፍ ሰዓት ነው። መደበኛ ስምንት ሰዓቷን ሌሊት የምትሠራ ልጅ በዚህ አትከፈልም። የሌሊት አበል ካላት የመጣው ከህብረት ስምምነቱ ወይም ከድርጅቱ ፈቃድ ነው። እርስዎ ስብሰባ ላይ 1.75 ብለው ቢናገሩ የደመወዝ ቀን ምን እንደሚመጣ ይገምቱት።

ስብሰባችሁን ያበላሸው ማማከሩ ሳይሆን ጥያቄው ይመስለኛል። የሌሊት ፈረቃ መግባቱ ተወስኗል። ታዲያ ይህ አልቋል ብሎ በግልጽ ተናግሮ፣ ያላለቀውን ነበር መጠየቅ። ዙሩ በሳምንት ይሁን በሁለት ሳምንት? ወዴት ይዙር? ሰርቪሱ የት የት ይቁም? ከየትኛው ቀን ይጀመር? ሰው መልስ የሚሰጠው እንዲህ ሲጠየቅ ነው።

ሳያማክሩ ማሳወቅንም አይቼዋለሁ። ድሮ የሠራሁበት ቦታ አርብ ከሰዓት በር ላይ ወረቀት ተለጠፈ። «የሌሊት ፈረቃ 10:00–6:00፣ ከሰኞ ጀምሮ» ይላል። ከኮምፒውተር እንዳለ የወጣ ነው፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚቆጥረው። ሰኞ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ አንድ መንጋ ሰው በሩ ላይ ተሰልፎ አገኘነው። የከሰዓቱ ፈረቃ ገና ማሽን ላይ ነው። ሌሎቹ ደግሞ «የሰኞ ሌሊት» ማለት ለሰኞ አጥቢያ ነው ብለው እሑድ ማታ መጥተው ከጥበቃው ጋር ተጨቃጭቀው ተመልሰዋል።

የምርት ኃላፊው፦

እህቴ፣ ይሄ እኮ የጽሑፍ ስህተት ነው። «ሰኞ ማታ 4 ሰዓት ተገብቶ ማክሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ይወጣል» ብሎ መጻፍ ነው፣ አለቀ። ለዚህ ስብሰባ አያስፈልግም።

የሰው ኃይል ባለሙያዋ፦

እሱስ ልክ ነዎት። አጻጻፉንም ወስጄዋለሁ። ግን ጥሩ አጻጻፍ መጥፎ ድልድልን አያድነውም።

በዚያው ፋብሪካ ሁለተኛው ድልድል ወደ ኋላ ነበር የሚዞረው፤ ከሌሊት ወደ ከሰዓት፣ ከከሰዓት ወደ ጠዋት። ወረቀት ላይ ያምራል። የሚቀየርበት ቀን መሀል ላይ ግን የዕረፍት ቀን አልነበረም። ይህን ያየነው እኛ አይደለንም። የሦስተኛ መስመር አንዲት ልጅ ናት፣ ያውም ፈረቃ ሲቀያየር ባደረግነው የሃያ ደቂቃ ውይይት ላይ። እጇን አውጥታ ቆጠረችልን። ከምሽቱ 4 እወጣለሁ። ሰርቪሱ አዙሮ አዙሮ 5 ሰዓት አስፋልት ላይ ያወርደኛል። አከራዬ በር የሚዘጋው 3 ሰዓት ነው፤ ማንኳኳት አለብኝ። ጠዋት 12 ለመግባት ሌሊት 10፡30 ተነስቼ 11 ሰዓት ሰርቪስ እጠብቃለሁ። እራቴን መቼ በላሁ፣ መቼ ተኛሁ?

በሁለቱ ፈረቃ መሀል ያለው 8 ሰዓት ብቻ ነው። አልጋ ላይ የሚቀራት አምስት ሰዓት አይሞላም። ዙሩን ወደ ፊት ብናደርገው፣ ማለትም ከጠዋት ወደ ከሰዓት፣ ከከሰዓት ወደ ሌሊት፣ በለውጡ ቀን መሀል ያለው 24 ሰዓት ይሆናል። ከቀኑ 8 ወጥታ በማግስቱ 8 ትገባለች። ከሌሊት ወደ ጠዋት ሲመለስ ነው የሚያጣብቀው፤ ሳምንታዊ ዕረፍቷን እዚያ ላይ አሳረፍነው። ምርት አልቀነሰም፣ ሰው አልጨመርንም። የተቀየረው ድልድሉ ብቻ ነው።

የምርት ኃላፊው፦

ይቺኛዋ ገብታኛለች። ግን ወሬውንስ? እኔ ጋ ወሬውን የሚያወጡት ሱፐርቫይዘሮች ናቸው። ቀድመው ይሰማሉ፣ ለወዳጆቻቸው ጠዋትን ያስይዛሉ፣ የቀረው ሠራተኛ በቴሌግራም ነው የሚሰማው። ሰዓቱ በረዘመ ቁጥር ይሄ ይብሳል።

የሰው ኃይል ባለሙያዋ፦

ወሬ የሚበዛው ቀኑ ካልታወቀ ነው። እኔ የለመድኩት እንዲህ ነው፤ ሕግ ነው አላልኩም፣ ልምዴ ነው። ከመጀመሩ አምስት ሳምንት በፊት በአንድ ቀን፣ በሁለቱም ፈረቃ፣ በሥራ ሰዓት ይነገራል። ሱፐርቫይዘሩ የሚሰማው ጠዋት ከሆነ ሠራተኛው ከሰዓት ይሰማል፤ በመሀል አዳር የለም። አስተያየት መስጫ አሥር ቀን ነው። ስም የማይጻፍበት ሳጥን ይቀመጣል፣ የማኅበሩ ተወካይም ይሰበስባል። የሥራ ሰዓት ድልድል በህብረት ስምምነት የሚያዝ ጉዳይ ስለሆነ ማኅበሩን መዝለል ኋላ ያስከስሳል። ከዚያ «ይህን ተቀብለን ቀየርን፤ ይህን ግን በዚህ ምክንያት አልቻልንም» የሚል አንድ ገጽ ይወጣል። እርስዎ ጋ የጎደለችው ይቺ ገጽ ናት። የስም ዝርዝሩ ከሦስት ሳምንት በፊት ይለጠፋል። የማታ ትምህርት የተመዘገበችው፣ ልጅ ጠባቂ የምትፈልገው ያኔ ነው የምትንቀሳቀሰው።

አንድ ነገር ግን በስብሰባ አይጠየቅም። እርጉዝ ሴት ከምሽቱ 4 እስከ ጠዋቱ 12 ማሠራት ክልክል ነው። ስለዚህ «እርጉዝ የሆናችሁ እጅ አውጡ» ያለ አለቃ አይቻለሁ። በሁለት ወሯ ለእናቷ ያልነገረች ልጅ ለአለቃ ትነግራለች? ክሊኒኩ ውስጥ ለነርሷ ትናገር፣ ነርሷ ለሰው ኃይል «ሌሊት አትመደብ» ብላ ብቻ ትጻፍ።

ጠያቂው፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። እንግዲያው የቴሌግራም ግሩፕ ከፍቼ ድምፅ ላሰጥ?

የሰው ኃይል ባለሙያዋ፦

ኧረ ድምፅ አይደለም! ድምፅ ከሆነ የወንድማችን ታሪክ ይደገማል፤ ሁሉም ጠዋት ይላል። ቴሌግራሙ ዝርዝሩን ለመላክ ይጠቅማል። ስማርት ስልክ የሌላቸውም አሉ፣ ወረቀቱ አይቅር።

የምርት ኃላፊው፦

አንድ ጥያቄ ልጨምር። የሚያጠቡ እናቶች ሁሉም ጠዋት ላይ ይቀመጡ ቢሉስ? እኔ ጋ ከአንድ መስመር ሲሶው አራሶች ናቸው። እነሱን ጠዋት ካሰርኳቸው ያላገቡት ልጆች ብቻ ሌሊቱን ይሸከማሉ። ያኔ የሚመጣው ቅሬታ የእነሱ ነው።

የሰው ኃይል ባለሙያዋ፦

እሱ እኛንም አጣልቶናል። ሕፃኑ ዓመት እስኪሞላው ብለን ገደብ አበጀንለት። ያላገቡት ግን ዛሬም አልተዋጠላቸውም፤ እኔም ሙሉ በሙሉ ተሳስተዋል ማለት አልቻልኩም።