«በየአሥራ አምስት ቀኑ» ስንል የሚጠፋብን ደመወዝ

ይህን የምጽፈው የኪራይ ቤት ማመልከቻዬ «ገቢዎ አይበቃም» ተብሎ ከተመለሰብኝ በኋላ ነው፤ ገቢዬ ግን ይበቃ ነበር። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። በሰዓት 26 ዶላር ይከፈለኛል፣ በሳምንት 40 ሰዓት እሠራለሁ፣ ደመወዜም በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ይገባል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቼክ ታክስና ሌላው ተቀናሽ ሳይነሳለት 2,080 ዶላር ነው። ያመለከትኩበት አፓርታማ ኪራዩ 1,450 ዶላር ሲሆን፣ አከራዮቹ ከተቀናሽ በፊት ያለው የወር ገቢ የኪራዩን ሦስት እጥፍ፣ ማለትም 4,350 ዶላር እንዲሆን ይጠይቃሉ። የቢሮው ሠራተኛ የቼኬን ቅጂ አይታ 2,080ን በሁለት አባዛችና 4,160 ብላ ጻፈች። በ190 ዶላር ወደቅሁ።

በሁለት ማባዛት ትክክል የሚሆነው ወሩ ልክ አራት ሳምንት ቢሆን ነበር። አራት ሳምንት 28 ቀን ነው፤ ከየካቲቱ የፈረንጆች ወር፣ ከፌብሩዋሪ በቀር ደግሞ 28 ቀን ብቻ ያለው ወር የለም። በየወሩ ጫፍ ላይ የሚተርፉት ሁለትና ሦስት ቀናት ተጠራቅመው ዓመቱን 48 ሳምንት ከመሆን ወደ 52 ያደርሱታል። እኔም በዓመት የምቀበለው ቼክ 24 ሳይሆን 26 ነው። 2,080ን በ26 ስናባዛ 54,080 ዶላር ይመጣል፤ ይህ ለ12 ሲካፈል የወር ገቢዬ 4,506 ዶላር ከ67 ሳንቲም ይሆናል፣ ከተጠየቀውም ያልፋል። ሠራተኛዋ የጻፈችው 4,160 ግን በ12 ቢባዛ 49,920 ብቻ ነው። በመካከል የጠፋው 4,160 ዶላር፣ ሠርቼ የተቀበልኳቸው ሁለት ሙሉ ቼኮች ናቸው።

የሚያንገበግበኝ ነገር ይህ ስሌት በመንግሥት ደንብ ሳይቀር የታወቀ መሆኑ ነው። የፌዴራሉ የፉድ ስታምፕ ደንብ የየሳምንቱን ደመወዝ ወደ ወር ሲለውጥ በ4.3፣ የየሁለት ሳምንቱን ደግሞ በ2.15 ያባዛል። ይህም ቢሆን ትንሽ ያጎድላል፤ ምክንያቱም 4.3 በ12 ሲባዛ 51.6 ሳምንት ነው። በዚህ ግምታዊ ቁጥር እንኳ የእኔ ገቢ 4,472 ዶላር ይሆንና አፓርታማውን አገኝ ነበር።

ጥፋቱ ግን የፈረንጆቹ ብቻ አይደለም። እኛ አገር ደመወዝ የወር ነው፤ ደመወዝተኛው ወር ቆጥሮ ይቀበላል፣ በ12 ያባዛል፣ አለቀ። እዚህ ስንመጣ ባይዊክሊ የሚባለውንም ሴሚመንዝሊ የሚባለውንም በአንድ ቃል «በየአሥራ አምስት ቀኑ» እንላቸዋለን። የመጀመሪያው በየ14 ቀኑ የሚከፈልና በዓመት 26 ጊዜ የሚመጣ ነው። ሁለተኛው ለምሳሌ በወሩ 15ኛ ቀንና በመጨረሻው ቀን የሚከፈል፣ በዓመት 24 ጊዜ የሚመጣ ነው። በአፋችን አንድ ስላደረግናቸው ቅጹ ላይ የትኛው ሳጥን ውስጥ ምልክት እንደምናደርግ ግድ አይሰጠንም።

በዚህ የተጎዳነው በቤታችን ነው። ባለቤቴ የዓመት ደመወዟ 48,000 ዶላር ሲሆን በወር ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው 2,000 ይከፈላታል። ለልጃችን የመዋያ ድጎማ ቅጽ ስንሞላ «በየአሥራ አምስት ቀኑ ነው» አልንና በየሁለት ሳምንቱ የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አደረግን። ቢሮውም 2,000ን በ26 አባዝቶ 52,000 አደረገው። ያላየነው 4,000 ዶላር በስማችን ተመዘገበ፤ በየወሩ የምንከፍለው ድርሻም በዚያው ልክ ወጣ። እኔ በኪራዩ ሁለት ቼክ ጎደለብኝ፣ እርሷ በድጎማው ሁለት ቼክ ተጨመረባት፤ ሁለቱም በእኛ ላይ ወደቁ።

ወደ ኪራይ ቢሮው ተመልሼ ስከራከር ሌላ ስህተት ገጠመኝ። የያዝኩት ቼክ የማርች 27 ቀን 2026 ነበር፤ YTD የሚለው ዓምድ፣ ማለትም ከዓመቱ መጀመሪያ አንሥቶ የተከፈለኝ ድምር፣ 14,560 ይላል። ሠራተኛዋ «እንግዲያው በዚህ እናስላው» ብላ ለሦስት ወር አካፈለችውና 4,853 ዶላር ከ33 ሳንቲም አገኘች። አሁን አልፌያለሁ ማለት ነው፣ ቁጥሩ ግን ትክክል አልነበረም። ክፍያው የወደቀባቸውን ቀናት ብትቆጥር ጃንዋሪ 2፣ 16 እና 30፣ ፌብሩዋሪ 13 እና 27፣ ማርች 13 እና 27፣ በድምሩ ሰባት ናቸው፤ ጃንዋሪ ሦስት ቼክ የወደቀበት ወር ነው። የጃንዋሪ 2ቱም ቼክ የተሠራው በ2025 ነው፤ ነገር ግን YTD የሚቆጥረው የተሠራበትን ሳይሆን የተከፈለበትን ቀን ነው። ስለዚህ ድምሩ ለወራት ሳይሆን ለቼኮቹ ቁጥር መካፈል አለበት፦ 14,560 ለ7፣ 2,080። ከዚያ በ26 ተባዝቶ ለ12 ይካፈላል። ሁልጊዜ መንገዱ ይኸው ነው፤ መጀመሪያ ወደ ዓመት መውጣት፣ ከዚያ ወደ ወር መውረድ። የሳምንት በ52፣ የሁለት ሳምንት በ26፣ በወር ሁለት ጊዜ የሚከፈለው በ24፣ የወሩ በ12። ይህን ሁሉ አስረድቼ ስጨርስ ቤቱ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ነበር። የማመልከቻ ክፍያውም አይመለስም ተባልኩ።

ተቀናሽም በዚሁ በር ያመልጣል። የጤና መድን ድርሻዬ በወር 260 ዶላር፣ በዓመት 3,120 ነው። አንድ ጊዜ ደመወዝ ክፍሉ ለሁለት ከፍሎ ከየቼኩ 130 ይቆርጥ ጀመር። በ24 ቼክ ላይ ቢቆም ልክ ነበር፤ በ26ቱም ላይ ቢቀጥል 3,380 ሆኖ የአንድ ወር ድርሻ በላዬ ላይ ይወጣል። ሦስት ቼክ በወደቀበት ወር የሦስተኛውን ቼክ ተቀናሽ ተመልክቼ ነው የያዝኩት። ከ26ቱም ይቆረጥ ከተባለ በየቼኩ 120 ዶላር ነው።

በዚህ ዓመት ደግሞ ሌላ ነገር እየመጣ ነው። እንደ እኔ ጃንዋሪ 2 የጀመረው የየሁለት ሳምንት ክፍያ ከዲሴምበር 18 በኋላ የሚውለው ጃንዋሪ 1 ቀን 2027 ነው። ዕለቱ በዓል ስለሆነና ባንክ ስለሚዘጋ የእኛ መሥሪያ ቤት በዋዜማው፣ ዲሴምበር 31 ይከፍላል። በዚህ ምክንያት በ2026 የሚከፈለኝ ቼክ 27 ይሆናል፣ የታክስ ወረቀቴም 54,080 ሳይሆን 56,160 ይላል። የደመወዜ ልክ በአንድ ሳንቲም አልጨመረም፤ ወረቀቱን ለ12 የሚያካፍል ሰው ግን በወር 4,680 ዶላር አለው ይለኛል።

ስለዚህ መሥሪያ ቤቴን አዲስ የደመወዝ ደብዳቤ አስጽፌያለሁ። «በየሁለት ሳምንቱ» ብሎ ብቻ እንዳያልፍ ለምኜ፣ «በሰዓት 26 ዶላር፣ በሳምንት 40 ሰዓት፣ በየ14 ቀኑ የሚከፈል፣ በመደበኛ ዓመት 26 ክፍያ፣ የዓመት ድምር 54,080 ዶላር» የሚል ዓረፍተ ነገር አስገብተውልኛል። የባለቤቴም «በየወሩ በ15ኛውና በመጨረሻው ቀን፣ በዓመት 24 ክፍያ፣ 48,000 ዶላር» ይላል። የድጎማውን ቅጽ ሰኞ ዕለት ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሰን እናስገባለን።