ኦልድ ኤግዛም የሌለው ኮርስ

«ኮርሱ ዘንድሮ ገና መሰጠት የጀመረ ነው፤ ኦልድ ኤግዛም የለውም። ሰባት ምዕራፍ ያለው ሞጁል ይዣለሁ። ፋይናል ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ከየቱ ነው የሚወጣው?» ይህን የጠየቀችኝ ደሴ የምትማር የአፈርና ውሃ ጥበቃ ተማሪ ናት።

እኔ ከመምህራኑ ወገን ነኝ። ፈተና እንዴት እንደሚወጣ ልንገርሽ። ዲፓርትመንቱ «እስከ ሐሙስ አስገቡ» ይላል። መምህሩ ረቡዕ ማታ ቡናውን ይዞ ይቀመጣል፣ ኮርስ አውትላይኑንና የራሱን ስላይድ ይከፍታል። ሞጁሉን ከዳር እስከ ዳር የሚያገላብጥ ጥቂት ነው። ኮፒ ቤት ተሰልፋችሁ የምትገዙት ኦልድ ኤግዛም ደግሞ ብዙ ጊዜ የሌላ ሰው ረቡዕ ማታ ነው። ስለዚህ ያጣሽው ነገር የሚመስልሽን ያህል አይደለም።

መጀመሪያ አውትላይኑን አውጪና በዓላማዎቹ ውስጥ ያሉትን ግሦች አስምሪባቸው። «መዘርዘር» ካለ አጭር መልስ ወይም ምርጫ ይመጣል። «ማነጻጸር» ካለ ሁለት ነገር ጎን ለጎን አስቀምጪ ይልሻል። «ማስላት» ካለ ካልኩሌተርሽን አትርሺ። ያስቸገረን «መረዳት» እና «ማወቅ» የሚሉት ናቸው። ከሌላ ቦታ የተገለበጠ አውትላይን በእነሱ የተሞላ ነው፣ ስለ ጥያቄው ዓይነትም ምንም አይነግርሽም። በእኔ እምነት ዲፓርትመንቶች እንዲህ ያለውን አውትላይን ተቀብለው ማጽደቅ የለባቸውም። እንዲህ ያለ ከገጠመሽ ወደ ወርክሺቱ ሂጂ። እዚያ መምህሩ ሳያስበው እውነተኛውን ግሥ ጽፎታል።

አሁን ያንቺን ኮርስ እንይ። ዓላማው «በማሳ ላይ የሚጠፋውን አፈር መጠን ማስላት» ይላል እንበል። ከ15 ሳምንቱ 3ቱ ለዚህ ተመድበዋል፤ አንድ አምስተኛ ማለት ነው። ፋይናሉ ከ50 ከሆነ ወደ 10 ማርክ ከዚህ ጠብቂ። ቀመሩ ይህ ነው፦

A = R × K × L × S × C × P

ዝናቡ፣ አፈሩ፣ የተዳፋቱ ርዝመት፣ ተዳፋትነቱ፣ የሰብል ሽፋኑና የጥበቃ ሥራው እርስ በርስ ይባዛሉ። ይህ ሁሉ ሞጁሉ ላይ አለ።

ቀጥሎ ስላይዱን ከሞጁሉ ጋር አስተያዪ። የምትፈልጊው መምህሩ ከራሱ የጨመረውን ነው። ለምሳሌ ሞጁሉ ቀመሩን ብቻ ሰጥቶ ሲያልፍ፣ ስላይዱ ተመራማሪው ሃንስ ሁርኒ እ.ኤ.አ. በ1985 ለኢትዮጵያ ያስማማውን ሠንጠረዥ ካስገባ፣ እ.ኤ.አ. በ1981 እዚሁ ደቡብ ወሎ ስለተቋቋመው የማይባር የምርምር ጣቢያም ካወራ፣ መምህሩ ልቡ ያለበትን አሳየሽ። ደክሞ ያዘጋጀውን ነገር ሳይጠይቅ የሚያልፍ መምህር እስካሁን አላየሁም። እኔም አላልፍም።

በሠንጠረዡ የጤፍ ሽፋን 0.25፣ የማሽላ 0.10 ነው። ስለዚህ ጥያቄውን ራስሽ ጻፊው፦ «ገበሬው ጤፉን ትቶ ማሽላ ቢዘራ፣ ሌላው ሁሉ ሳይለወጥ፣ የሚጠፋው አፈር በስንት በመቶ ይቀንሳል?» ሌላው ሁሉ ስላልተነካ ስድስቱንም ማባዛት አያስፈልግሽም። 0.10ን ለ0.25 ስታካፍይ 0.4 ይመጣል፣ ስለዚህ 60 በመቶ ይቀንሳል። ቁጥሩ ቢቀየርም አካሄዱ ያው ነው።

ግምትሽ ልክ መሆኑን እንዴት ታውቂያለሽ? ሚድ ተፈትነሻል አይደል? እሱ የዚህ መምህር ኦልድ ኤግዛም ነው። ሚዱ የሸፈናቸውን ምዕራፎች በዚሁ መንገድ ገምቺ፣ ከዚያ የሚዱን ወረቀት አውጥተሽ አመሳክሪ። ከገመትሻቸው ግማሹ እንኳ ካልተገኘ፣ መምህሩ ከስላይዱ አይደለም የሚያወጣው። ምናልባት ከወርክሺቱ ወይም ክፍል ውስጥ በቃል ካለው ነው፤ እንግዲያው ደብተርሽን ክፈቺ።

መንገዱ የሚስትበት ጊዜም አለ። የስላይዱ ጥግ ላይ የሌላ ዩኒቨርሲቲ አርማ ካየሽ፣ ወይም ዓረፍተ ነገሩ ከሞጁሉ ጋር ቃል በቃል አንድ ከሆነ፣ ያ ትኩረት የእሱ አይደለም። የስላይድ ብዛትም ያታልላል። ስለ እርከን 20 ስላይድ ኖሮ 15ቱ ፎቶ ሊሆን ይችላል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ሁለት ሦስት መምህራን በየሴክሽኑ እያስተማሩ ፈተናው አንድ ሲሆን ነው። ያኔ ያንቺ መምህር የወደደው ማይባር ላይወጣ ይችላል። ከሌላው ሴክሽን ልጅ ስላይድ ተዋሺና በሁለቱም ላይ ያለውን አስቀድሚ።

ያልገመትሻቸውን ምዕራፎች ደግሞ እርግፍ አድርገሽ አትተያቸው። ባለ አንድ ማርኳ ምርጫ ከእነሱ ናት የምትለቀመው። አንድ አንድ ጊዜ አንብቢያቸው፣ ትርጉሞቹን ያዢና ወደ ስሌቱ ተመለሺ።