አቅጣጫ አስቀማጮች ሆይ፣ ክበሩልን!

የሰኞ ጠዋት ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ለምትይዙ ሁሉ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። «በጉዳዩ ላይ ሰፊ ውይይት ተካሂዶ አቅጣጫ ተቀምጧል» ብሎ መጻፍ ለማንም የሚሰጥ ጸጋ አይደለም። ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ሰው የለም፣ ቀን የለም፣ የሚሠራ ነገርም የለም። አቅጣጫውም ከተቀመጠበት ንቅንቅ አይልም። «ይጣራል»፣ «ይታያል»፣ «ትኩረት ይሰጠዋል» የሚሉትን ግሦች የተካነባቸው ሰው ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ማንም አይጠይቀውም።

ይህ ጥበብ በእኛ መሥሪያ ቤት ሰሞኑን ጠላት ተነሣበት። አንዲት አዲስ ባልደረባ ተራዋ ደርሶ ስብሰባውን በስልኳ ቀዳች፣ ቃል በቃል ገለበጠችው፣ ሃያ ምናምን ገጽ ወጣው። እስከዚህ ደግ ነው፤ ወፍራም ወረቀት ፋይል ያደምቃል። እሷ ግን ወደ አንድ ገጽ አወረደችው።

ግፉን በዝርዝር ልንገራችሁ። መጀመሪያ ስታነብ ምንም አልጻፈችም። «እኔ አደርገዋለሁ» የተባለበትን፣ ሰብሳቢው «በቃ እንዲህ ይሁን» ያሉበትን፣ ቀን የተጠራበትን ብቻ እያሰመረች አለፈች። ስለ መንገድ መዘጋጋት ያደረግነው ያ ሁሉ ጥልቅ ትንተና አንድ መስመር እንኳ አልደረሰውም።

የጎማውን ነገር ተመልከቱ። ገጽ 4 ላይ የስምሪት ኃላፊው «የመኪናው ጎማ አልቋል፣ ዛሬውኑ ይገዛ» አለ። ሒሳብ ሹሟ «ያለ ሦስት ፕሮፎርማ አልፈርምም» አለች። ገጽ 11 ላይ ሰብሳቢው «ፕሮፎርማው እስከ ሐሙስ ይምጣ» ብለው ዘጉት። ጨዋ ጸሐፊ እዚህ ላይ ያቆማል፤ እንዲያውም «ጎማ እንዲገዛ ተወሰነ» ብሎ ያሳምረዋል። እሷ ግን እስከ መጨረሻው አነበበች። ገጽ 17 ላይ፣ ስለ ሻይ ክበቡ እያወራን ሳለ፣ የግዢ ባለሙያው «ሐሙስ መስክ ነኝ፣ አርብ ይሁንልኝ» ብሎ ጣል አድርጎ ኖሯል። ሰብሳቢውም «ይሁን» ብለዋል። ስለዚህ ገጹ ላይ የሰፈረው ይህ ነው፦ «የግዢ ባለሙያው የ4 ጎማ 3 ፕሮፎርማ ለሒሳብ ሹሟ ያቀርባል፤ አርብ ጥቅምት 14፣ ከቀኑ 10 ሰዓት።» ጎማ ይገዛል የሚል የለም። መግዛቱ ሐሳብ እንጂ ውሳኔ አልነበረማ!

ቀኑንም አልማረችውም። «እስከ ሳምንቱ መጨረሻ» የሚለው ውብ አባባል ለአንዱ አርብ፣ ለአንዱ ቅዳሜ እኩለ ቀን፣ ለእኔ ቢጤው የሚቀጥለው ሰኞ ጠዋት ነው። እንዲህ ያለውን ሰፊ ሜዳ አጠረችው። ገጹ ውጭ አገር ላሉት አጋሮቻችንም ስለሚላክ «10 ሰዓት»ን ጠዋት እንዳያደርጉት ብላ «ኦክቶበር 24፣ በፈረንጆቹ ከሰዓት 4፡00» ብላ ጨመረችበት። ለማምለጫ የምትሆን አንዲት ቀዳዳ እንኳ አልተወችም።

«ግዢና ፋይናንስ በጋራ ይከታተሉታል» የተባለም ነበር። አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ዓመት የሚከርምበት ይህን የመሰለ ሰላማዊ አሠራር ይዛ ሁለቱም ቢሮ ሄደች። «ከሁለታችሁ ማን ስሙ ይጻፍ?» አለች። ከራሷ ገምታ ብትጽፍ ኖሮ እንኳ «እኔ መቼ አልኩ» ብለን እንገላገል ነበር።

ከሁሉ የከፋው ከገጹ ግርጌ ነው። «ያልተወሰኑ» የሚል ርእስ አበጅታ የመጋዘኑን ኪራይ እዚያ ጣለችው። ስለ ኪራዩ ብዙ አውርተን፣ ሁላችን ተስማምተን ነበር የወጣነው። ሰብሳቢው ውሉ ይታደሳል ብለው፣ ሒሳብ ሹሟ ይቋረጣል ብላ ተስማምተዋል። ያቺ መስመር ባትኖር ይህ መግባባት አከራዩ በር እስኪያንኳኳ በሰላም ይቆይ ነበር።

ገጹን በዚያው ዕለት ላከችልን፣ «የተሳሳተ ካለ እስከ ነገ ጠዋት 4 ሰዓት አርሙኝ» ከሚል ማስታወሻ ጋር። አንድ ሁለት ሰው አረመ፤ የቀረነው ዝም አልን፣ ዝምታችንም እንደ መስማማት ተቆጠረ። ተንኮሏን አያችሁ?

በሚቀጥለው ሰኞ ስብሰባው በዚያ ወረቀት ተከፈተ። ስም እየተጠራ «ደረሰ? አልደረሰም?» ሆነ፤ ሻዩ ሳይመጣ አለቀ። አንድ አንጋፋ ባልደረባችን ብቻ ወግ አጥባቂነታቸውን አሳዩ። ከስማቸው ፊት ለፊት ያለው ቀን እንዲሰረዝና «ይታሰብበታል» እንዲባል በትሕትና ጠየቁ።

ልጅቱ እስክሪብቶዋን አነሣች። «እሺ ጋሼ፣ ማን ነው የሚያስብበት? እስከ ስንት ሰዓት?»